ሙሽራዋ እጇን ያሳረፈችበት ሰው

ሥራዬ የቆዩ ፎቶግራፎችን መጠገንና መመዝገብ ነው። እዚህ የማቀርበው ጉዳይ የአንዲት የ17 ዓመት ልጅና የአያቷ የሠርግ ፎቶግራፍ ጉዳይ ነው። ልጅቷ ፎቶው ላይ አንድ ሰው እንደ ጎደለ የደረሰችበት ራሷ ናት፤ እኔ የገባሁት ያየችውን ነገር እንዳጣራላት ስትጠይቀኝ ነው። ቤተሰቡ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስም ግን እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቀ የማንንም ስም አላነሳም። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ምርመራው የደረሰበትና ቤተሰቡ አስቀድሞ የገመተው ነገር ፈጽሞ ስላልተገናኙ ነው።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ወርዱ 15፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር። ሠርጉ የተደረገው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ነው። ስምንት ሰዎች በአንድ ረድፍ ቆመዋል። መካከል ላይ ሙሽራውና ሙሽራዋ፣ ከሙሽራዋ በስተግራ በኩል አባቷ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ እናቷ፣ በሌላው ወገን የሙሽራው ወላጆች፣ በሁለቱ ጫፎች ደግሞ ሚዜዎቹ። ግራና ቀኝ የምለው ሁሉ ፎቶውን ከሚያይ ሰው አንጻር ነው። ሙሽራዋ የልጅቷ አያት ናቸው፤ ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ፎቶው ልጅቷ ከመወለዷ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ነው፤ በየቀኑ በፊቱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ልጅቷ ፎቶውን ከመስታወቱ ያወጣችው ለአያቷ አጽድታና አሳድጋ ልታሳትምላቸው አስባ ነው። በስካነር በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ አነሣችው። በዚህ መጠን እንዲህ ያለ ፎቶ ወደ 3,540 በ2,360 ፒክስል ይሆናል፤ የሰው ጣት መገጣጠሚያ ተለይቶ የሚታይበት ጥራት ነው። አቧራውን ከሙሽራዋ ቀሚስ ላይ እየለቀመች ሳለ ግራ እጅ ላይ ስትደርስ ቆመች። እጁ ከሰውነት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በወገብ ከፍታ ላይ ተዘርግቷል። መዳፉ ወደ ታች ነው። አራቱ ጣቶች አንድ ክብ ነገር እንደ ያዙ ጎበጥ ብለዋል፣ አውራ ጣቱ በሌላ በኩል ተለይቷል። እጁ የያዘው ነገር ግን የለም። ከሥሩ የቀሚሱ እጥፋት ብቻ ወደ ታች ይወርዳል።

ለአያቷ ወዲያው አልነገረቻቸውም፤ ለእናቷና ለአጎቷ ግን አሳየቻቸው። አጎቷ አያትየዋ ከዚህ ጋብቻ በፊት የታጩለት ሌላ ሰው ነበረ ይባላል ብሎ ጠረጠረ። እናቷ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር በውርስ ክርክር የተቆራረጠች አንዲት ዘመድ ትዝ አለቻት። ሁለቱም ሳያመነቱ የደረሱበት መደምደሚያ ግን አንድ ነው፦ ከፎቶ የተፋቀ ሰው የተጠላ ሰው ነው።

እንዲህ ማሰባቸው አይገርምም። ስለ ተፋቁ ፎቶዎች ሁላችንም የምናውቀው ምሳሌ የፖለቲካ ነው። ኒኮላይ የዦቭ በ1937 በሞስኮ ቮልጋ ቦይ ዳር ከስታሊን ጎን ቆሞ የተነሣው ፎቶ ዋናው ነው፤ የዦቭ የሶቪየት የምሥጢር ፖሊስ ኃላፊ የነበረ ሲሆን፣ በ1940 ከተገደለ በኋላ በታተመው ፎቶ ላይ እሱ የቆመበት ቦታ በቦዩ ውኃ ተሞልቷል። በቼኮስሎቫኪያም ፖለቲከኛው ቭላዲሚር ክሌሜንቲስ በ1948 ከኮሙኒስት ፓርቲው መሪ ከጎትቫልድ አጠገብ ሆኖ የተነሣው ፎቶ፣ ክሌሜንቲስ በ1952 በስቅላት ከተገደለ በኋላ ያለ እሱ ይታተም ነበር። እነዚህን ያየ ሰው ቤቱ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ጠላትን ነው። የሰውን ምስል የማጥፋት ሙያ ግን ለመንግሥትም ለግለሰብም አንድ ነው፤ ብሩሹ ለምን እንደ ተነሣ የሚነግረን ምልክት ቀለሙ ላይ አይተውም።

ወረቀቱ የተናገረው

ልጅቷ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ፎቶ መነካካቱን እናጣራለን የሚሉ ነጻ ፕሮግራሞችን ሞክራ ነበር። ምንም አላገኙም። ሊያገኙም አይችሉም። አብዛኞቹ የሚለኩት የጄፔግ ፋይል ሲጨመቅ በምስሉ ክፍሎች መካከል የሚፈጠረውን ልዩነት ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ተቆርጦ የተለጠፈ ነገር ካለ አንዳንዴ ያጋልጣሉ። ይህ ፎቶ ግን የተነካው በቀለምና በብሩሽ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ስካነሩ ሁሉንም አንድ ላይ ስላነሣው ለፕሮግራሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ፋይል ነው። «አልተነካም» የሚል ውጤት እዚህ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ፋይሉን ትቼ ወረቀቱን አምጪልኝ አልኳት። ይህ በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሁሉ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ወረቀቱ ሲመጣ ጀርባውን ገለበጥኩ። ለስላሳ፣ ሰም የተቀባ ያህል የሚያዳልጥ ነበር። ይህ በሁለት ወገን በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ የፎቶ ወረቀት ነው። በሠርጉ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚታተመው ፕላስቲክ በሌለው ወረቀት ላይ ነበር፤ ጀርባው ሲዳሰስ ወረቀት ወረቀት ይላል፣ ሲያረጅም መጠቅለል ይወዳል። በፕላስቲክ የተለበጠው ለጥቁርና ነጭ ፎቶ የተሠራጨው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ግድግዳው ላይ የኖረው ፎቶ የሠርጉ ሰሞን የታተመው አይደለም፤ ቢያንስ ከአሥር ዓመት በኋላ የተሠራ ነው። ይህ ብቻውን ጥርጣሬ አያስነሣም። ከድሮ ኔጋቲቭ አዲስ ፎቶ ማሳተም የተለመደ ነገር ነው። ጥያቄው ከኔጋቲቩ ታትሟል ወይስ ከሌላ የታተመ ፎቶ ተገልብጧል የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ የሰጠው አንድ የእጥፋት መስመር ነው። በሰዎቹ ደረት ከፍታ ላይ ከፎቶው ግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ የሚሄድ ነጣ ያለ አግድም መስመር አለ። ልጅቷ ፎቶው ራሱ የታጠፈበት ምልክት መስሏት ነበር። መብራቱን ዝቅ አድርጌ ከጎን በኩል በፎቶው ገጽ ላይ እንዲንሸራተት አደረግሁት። በእውነት የታጠፈ ወረቀት በእንዲህ ያለ ብርሃን ጠርዙ ጎላ ብሎ ትንሽ ጥላ ይጥላል። እዚህ ግን ገጹ እንደ መስታወት ለጥ ያለ ነው፤ ጣት ቢያልፍበትም ምንም አይሰማም። መስመሩ የምስሉ አካል ነው እንጂ የወረቀቱ አይደለም። ይህ ማለት የመጀመሪያው ፎቶ ታጥፎ ኖሯል፤ ከዚያ ከነእጥፋቱ እንደገና በካሜራ ተነሥቶ ይህ ተሠርቷል። የነጩ ቀሚስ ጥልፍ ተውጦ አንድ ወጥ ነጭ መምሰሉም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ፎቶ ከፎቶ ሲገለበጥ ብሩህና ጨለማ ቦታዎች ውስጥ ያለው ዝርዝር መጀመሪያ የሚጠፋ ነው።

ይኸው መስመር ሌላም ነገር አሳየ። ከግራ ተነሥቶ በእናትየዋና በአባትየው ደረት ላይ ያልፋል፤ ከአባትየው ክንድ ዘልቆ ሙሽራዋ ጋ ከመድረሱ በፊት ይቋረጣል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዘልሎ በሙሽራዋ ክንድ ላይ እንደገና ይጀምርና ሳይቆራረጥ እስከ ቀኝ ጫፍ ይሄዳል። ወረቀት መካከሉን ዘልሎ አይታጠፍም። መስመሩ የጠፋበት ቦታ ላይ ቀለም ተቀብቶበታል ማለት ነው። ልጅቷ ይህን ስታይ የእጁን ነገር ረስታ እሱኑ ደጋግማ ተመለከተች፤ እኔም ከሁሉ ጠንካራው ማስረጃ አድርጌ የምቆጥረው ይህን ነው። እጅ በሆነ ምክንያት አየር ላይ ሊቀር ይችላል፤ እጥፋት ግን አይዋሽም።

ከዚያ በኋላ የተቀባውን ቦታ ዳር ድንበር መከተል ቀላል ነበር። የፎቶ ፊልም ምስሉን የሚይዘው በጥቃቅን የብር ቅንጣቶች ነው፤ ሲጎላ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይታያሉ። ከፎቶ የተገለበጠ ፎቶ ቢያንስ የሁለት ፊልም ቅንጣት ይሸከማል፣ የመጀመሪያውንና የመገልበጫውን። በቀለም የተሸፈነ ቦታ ግን የመጀመሪያው ፊልም ቅንጣት ከሥር ስለ ተዳፈነ የሚታይበት የመጨረሻው መገልበጫ ቅንጣት ብቻ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከአካባቢው ይልቅ የለሰለሰ ሆኖ ይገኛል። እዚህ የለሰለሰው ቦታ ከሙሽራዋ እጅ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ ታች እየሰፋ እስከ መሬቱ ይወርዳል፤ የቀሚሱን ግራ ጎን፣ የአባትየውን ቀኝ ሱሪና አንዱን ጫማቸውን ይሸፍናል። ይህ ጫማ ክር የለውም። የግራው አለው።

ሠሪው ጎበዝ ባለሙያ ነበር። በዚያ ዘመን አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የመጣለትን ፎቶ በትልቁ ያነሣና አሳድጎ ያትማል፤ ያደገው ላይ በቀጭን ብሩሽና ቀለምን እንደ ጉም በሚነፋ መርጫ ይሠራል፤ ሲጨርስ ያንን መልሶ አንሥቶ በፊተኛው መጠን ያሳንሰዋል። ሲያንስ የብሩሹ ስህተትም አብሮ ያንሳል። ፎቶ ቤቶች ሪቱሽ የሚሉት ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ብጉር ለማጥፋትና የተቀደደን ለማዳን ነበር። ጥላን መከተልም ልማድ ነው፤ ሰውን ያጠፋ ሪቱሽ ሠሪ ብዙ ጊዜ ጥላውን ይረሳል። ይህ ፎቶ ግን የተነሣው ደመናማ ቀን ስለ ነበር ማንም ሰው ጥላ የለውም፤ በዚያ በኩል የሚገኝ ነገር አልነበረም።

ቁመቱ ስንት ነበር?

የተወገደው ሰው መልክ ከዚህ ፎቶ ሊገኝ አይችልም። ይህን ለልጅቷ በግልጽ ነገርኳት፤ ምክንያቱም ቀለሙን «ገፍፎ» ከሥሩ ያለውን ማውጣት ይቻላል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ቀለሙ ያለው ባደገው ፎቶ ላይ ነው፤ እኛ የያዝነው የዚያን ፎቶግራፍ ነው። ከሥሩ ምንም የለም። ቁመቱን ግን መገመት ይቻላል፤ ለዚህ የሚረዳን የሙሽራዋ እጅ ነው።

ስሌቱን ልጅቷ ራሷ ሠራችው። ሙሽራዋ ከእግር እስከ አናት በስካኑ ላይ ወደ 1,500 ፒክስል ናቸው። በወጣትነታቸው ቁመታቸው 160 ሴንቲ ሜትር እንደ ነበር አንድ የቆየ መታወቂያቸው ላይ ተጽፏል። የእጃቸው መዳፍ ከመሬት 890 ፒክስል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ይህም 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመዳፉ አያያዝ የትከሻ አያያዝ ነው፤ ራስ ቢሆን ጣቶቹ ይበልጥ ይዘረጉ ነበር። የሰው ትከሻ ከመሬት ያለው ከፍታ ከጠቅላላ ቁመቱ አራት አምስተኛ ያህል ነው። 95ን በዚህ ስናካፍለው 119 ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። የጫማውን ተረከዝ፣ የካሜራውን አንግልና የእጁን አቀማመጥ አስበን አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወዲያ ብንል እንኳ ይህ የትልቅ ሰው ቁመት አይደለም። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ቁመት ነው።

አጎትየው የጠረጠረው እጮኛ በዚሁ ቀረ። የውርስ ተከራካሪዋም እንዲሁ፤ በሠርጉ ጊዜ ሃያ ዓመት አልፏት ነበርና። ነገር ግን አንድ ግምት ሲወድቅ ሌላ ይተካል። ሁለቱም አሁን ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ባሰው ነው፦ ከጋብቻ በፊት የተወለደ፣ የተደበቀ ልጅ። ልጅቷ ይህን ከሰማች በኋላ አያቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ስትነግረኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እዚህ ላይ ምርመራውን አቆምኩ። ፎቶው የሚናገረውን ተናግሯል፦ አንድ ልጅ ነበረ፤ ሙሽራዋ ትከሻውን ይዘውት ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ሰው እንዲጠፋ አዘዘ። ማንና ለምን የሚለውን የሚያውቁ ሰው ደግሞ በሕይወት አሉ፤ ያውም በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጠዋል።

አያቷን መጠየቅ

ልጅቷ ያሰበችው ማስረጃውን ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ደርድራ፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ለአያቷ ልታሳያቸው ነበር። አጥብቄ ተቃወምኩ። የአፍ ታሪክ የሚሰበስቡ ሰዎች በተግባር የሚያውቁት ነገር አለ፤ ማስረጃ ቀድሞ ሲቀርብ ተጠያቂው መልስ ሳይሆን መከላከያ ይፈልጋል፤ የሚናገረውም የቀረበለትን ነገር ተከትሎ እንጂ የሚያስታውሰውን አይደለም። በሰው ፊት ሲሆን ደግሞ የሽማግሌ ክብር ይነካል። ስለዚህ ለብቻቸው ሆነው፣ ፎቶው ሳይታይ፣ አንድ ክፍት ጥያቄ ብቻ እንድትጠይቃቸው ተስማማን። ፎቶው ለማጽዳት እኔ ዘንድ ስለ ነበር ግድግዳው ላይ አለመኖሩ እንግዳ አልሆነባቸውም።

«እማማ፣ የሠርግዎ ዕለት ፎቶ ሲነሡ ማን ማን ነበር? ከግራ ጀምረው ይንገሩኝ፤ ስማቸውን ልጻፍበት ነው» አለቻቸው።

አያትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ። ሚዜዋን ጠሩ፣ እናታቸውን፣ አባታቸውን፤ ቀጥለውም ምንም ሳያመነቱ የአንድ ወንድ ልጅ ስም ጠሩ፤ ከዚያ «እኔ» አሉ፤ ከዚያ ባለቤታቸውን፣ ሌሎቹንም። ዘጠኝ ሆኑ።

ልጅቷ የጻፈችውን አይታ «ይህ ማን ነው?» አለች።

«ታናሽ ወንድሜ ነዋ። የመጨረሻው» አሉ። «እናትሽ አልነገረችሽም? ለነገሩ እሷም አታውቀውም። ከመወለዷ በፊት ነው የሞተው።»

ምሥጢር አልነበረም። ማንም ስላልጠየቃቸው ብቻ ሳይነገር የኖረ ነገር ነው። ልጁ በሠርጉ ጊዜ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ፎቶ ሲነሡ አልቆም ብሎ ስላስቸገረ እህቱ ትከሻውን ይዛ አቆመችው። በተከታዩ ዓመት በድንገተኛ ሕመም ሞተ። እናትየዋ ከዚያ በኋላ ስሙ በፊታቸው ሲጠራ መቆም ያቅታቸው ነበር። ዓመታት አልፈው አባትየውም አረፉ፤ እናትየዋም ከልጃቸው ቤት መጥተው መኖር ጀመሩ። የባለቤታቸው ምስል ያለው በዚያ የሠርግ ፎቶ ላይ ብቻ ነበር። ማየት ይፈልጋሉ፤ ሲያዩ ግን ልጁ አለ።

«ታዲያ ምን ታደርግ ነበር መሰለሽ» አሉ አያትየዋ። «ከደረት በታች ወደ ኋላ አጥፋ፣ ላዩን ብቻ ታያለች። ፊታቸውን ብቻ። ስታጥፈውና ስትዘረጋው መሰንጠቅ ጀመረ። ሊቀደድ ሆነ። እኔ ነኝ ወስጄ ያሠራሁት። እሱን ብቻ አንሣልኝ አልኩት፤ ሌላውን ተወው።»

በደረት ከፍታ ላይ ያለው እጥፋት ይህ ነው። በብርሃኑ ሥር ሳየው የግዴለሽነት ምልክት መስሎኝ ነበር፤ ብዙ የቆዩ ፎቶዎች በቦርሳና በመጽሐፍ መካከል ይታጠፋሉና። የአንዲት እናት እጅ ደጋግሞ ያጠፈው መሆኑን ወረቀቱ ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

ልጅቷ ቅድመ አያቷ አዲሱን ፎቶ ባዩ ጊዜ ምን እንዳሉ ጠየቀች። አያትየዋ ለመመለስ ጊዜ ወሰዱ። እናታቸው አዲሱን ተቀብለው ብዙ አዩት። ባለቤታቸው ደህና ሆነው እንደ ወጡ ተናገሩ። ግድግዳው ላይ እንዲሰቀልም ወደዱ። ቀጥለውም «አሮጌውን ግን ለእኔ ስጪኝ» አሉ። ሰጧቸው። የት እንዳስቀመጡት ማንም አላየም፤ ሲያርፉ ዕቃቸው መካከል ተፈልጎ አልተገኘም።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ልጅቷ ስትነግረኝ ሥራዬን አቁሜ ነው የሰማኋት። የልጁን ምስል ማየት ያልቻሉት እናት ምስሉ ከእጃቸው እንዲወጣም አልፈቀዱም።

ሁለተኛው ፎቶ

ዋናው ስለ ጠፋ ኔጋቲቩን መፈለግ ነበረብን። ፎቶ ቤቱ ከተዘጋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ የሰው ስብስብ ሲያነሣ አንዴ ብቻ አንሥቶ አይተውም፤ አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሌላው ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ሁለቴ ሦስቴ ያነሣል። ሙሽሮቹ አንዱን ሲመርጡ ሌላው ለዘመድ ወይም ለሚዜ ሊደርስ ይችላል። ልጅቷ በፎቶው ጫፎች የቆሙትን ሚዜዎች ቤተሰቦች ጠየቀች፤ የአንደኛው ልጅ ከአባታቸው አልበም አንድ ፎቶ አውጥተው ላኩላት።

ያው ቦታ፣ ያው ረድፍ፣ ያው ቀን ነው። ወረቀቱ ፕላስቲክ የሌለበት ነው፤ የቀሚሱ ጥልፍ አበባ በአበባ ይታያል። በሙሽራዋና በአባቷ መካከል አንድ ትንሽ ልጅ አለ። ኮቱ ሰፍቶታል። የአባትየው ቀኝ ጫማ ክር አለው። ልጁ ግን ካሜራው በተከፈተበት ቅጽበት ራሱን ወደ ጎን አዙሯል፤ ፊቱ ተጠርጎ ግራጫ ጭረት ሆኗል። በደመናማ ቀን ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ መከፈት ስለሚኖርበት የሚንቀሳቀስ ሰው እንዲህ ይሆናል። ሙሽሮቹ ይህን ፎቶ ያልመረጡት በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። የላከችልኝን ስካን ከፍቼ ቁመቱን ለካሁ፤ ከአናቱ እስከ እግሩ ከ116 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሁሉ የሚመጣ ነው። ፎቶ ማቀናበር የሚችል የአክስቷ ልጅ ልጁን ከሁለተኛው ፎቶ ቆርጦ ወደ መጀመሪያው ልመልሰው አለ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ያም ሆኖ አልደገፍኩትም። የመጀመሪያው ፎቶ የሠርጉን ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ አንዲት ልጅ ለእናቷ ያደረገችውንም ይዟል። ሁለተኛው ልጁን ይዟል። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት ናቸው። ሁለቱን አጣብቆ የሚሠራው ሦስተኛ ፎቶ ግን ማንም ካሜራ ያላየው ነገር ነው፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ ከሁለቱ ይልቅ እሱ ጥሩ ሆኖ ስለሚታይ ዋናው እሱ ይመስላል።

ወጣቱ ሠርቶ አመጣው። ሥራው ንጹሕ ነበር። ችግሩ የልጁ ፊት ተጠርጎ ስለነበር በዕድሜ ተቀራራቢ ከሆነ አንድ የቤተሰቡ ሕፃን ፊት ተውሶ ማስገባቱ ነው። ይመሳሰላሉ ብሎ ነበር። አያትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱትና «ይህ የማን ልጅ ነው?» አሉ። ፋይሉን በዚያው ቀን በራሱ ፈቃድ አጠፋው።

ሁለቱ ፎቶዎች ምን ይሁኑ የሚለውን የወሰኑት አያትየዋ ናቸው። ግድግዳ ላይ የኖረው ወደ ግድግዳው እንዲመለስ አሉ፤ «ያ የእናቴ ፎቶ ነው» ብለው። ሁለተኛው ተገልብጦ አልበማቸው ውስጥ ገባ፤ ዋናውም ለላኩት ሰው ተመለሰ። ልጅቷ ሁለቱንም ፊትና ጀርባቸውን ስካን አድርጋ ሳይጨመቁ በቲፍ ፋይል አስቀመጠች፤ የጸዳውን ለብቻ፣ ያልተነካውን ለብቻ። በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት እርሳስ በደንብ ስለማይዝ፣ እስክሪብቶም ተጭኖ ፊቱን ስለሚያጎደጉድ ጀርባው ላይ እንዳትጽፍ ነገርኳት። በተለየ ወረቀት ጽፋ ከፎቶው ጋር በአንድ ፖስታ አኖረችው። ጽሑፉን አያትየዋ አስነበቧትና አንድ ቦታ አሳረሟት፤ «የጠፋ» ያለችውን «የተነሣ» አስባሏት። የግድግዳው ፎቶ መግለጫ እንዲህ ይላል፦

«ሠርግ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1961። ይህ እትም ከታተመ ፎቶ ተገልብጦ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተሠራ ነው። በሙሽራዋና በአባቷ መካከል ታናሽ ወንድሟ ቆሞ ነበር፤ ለእናታቸው ሲባል በሙሽራዋ ትእዛዝ ከምስሉ ተነሥቷል። እሱ ያለበት የዚያው ቀን ሌላ ፎቶ አልበሙ ውስጥ አለ።»

ከሥሩ ዘጠኙም ስሞች ከግራ ወደ ቀኝ ተጽፈዋል።